ኮፈኑን አይክፈቱ

ከመኪናው ጭስ ሲወጣ አብዛኛው ሾፌር መጀመሪያ የሚያደርገው ወርዶ ኮፈኑን ማንሳት ነው። ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባል፤ ራዲያተር ሲፈላም ሆነ ቀበቶ ሲበጠስ ችግሩ የሚታየው ኮፈኑ ተከፍቶ ነው። እሳት ከሆነ ግን ይኸው ልማድ ትንሹን ትልቅ ያደርጋል። በተዘጋ ኮፈን ሥር ያለ እሳት አየር ስለሚያጥረው ቀስ እያለ ነው የሚነደው። ኮፈኑ ሲነሳ አየር በአንድ ጊዜ ይገባና ነበልባሉ በከፈተው ሰው ፊት ላይ ይወጣል።

ነገሩ ሚኒባስ ላይ ይብሳል። ብዙዎቻችን የምንሳፈርበት የቶዮታ ሃይኤስ ሞተር ያለው ከፊት ሳይሆን ከፊት መቀመጫዎች ሥር ነው። ሞተሩን ለማየት መቀመጫው መነሳት አለበት። ሲጨስ መቀመጫውን ማንሳት ማለት እሳቱን ሰው ወደተቀመጠበት ክፍል ማስገባት ማለት ነው።

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት እንውሰድ። መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ ነው። ሰው የሞላ የናፍጣ ሚኒባስ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል እንበል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ነው፤ መኪናው ግን ቀርፋፋ ስለሆነ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ የለም። በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ብረት ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል። በጨለማ ቢያዩት ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ከዚህ ብረት በላይ ቴስታታው አለ፤ በቴስታታውና በክዳኑ መካከል ደግሞ ጓርኒሲዮን አለ። ጓርኒሲዮኑ ካረጀ ዘይት በጠብታ ያስወጣል። ሜዳ ላይ ጠብታው ብረቱ ላይ አርፎ ይተናል፤ ከሚሸት የተቃጠለ ዘይት በቀር ምልክት የለውም። ሾፌሩም ለወራት ሲሸተው ስለኖረ ለምዶታል። ዳገቱ ላይ ግን ብረቱ ዘይቱን ከማትነን አልፎ የሚያቀጣጥልበት ሙቀት ላይ ይደርሳል። ክብሪትም ብልጭታም አያስፈልገውም።

«ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይነድም» የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ያሳስታል። መሬት ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ናፍጣ ክብሪት ቢጣልበት በቀላሉ እንደማይያዝ እውነት ነው። በጋለ ብረት ላይ ሲፈስ ግን ናፍጣ ከቤንዚን ባነሰ ሙቀት በራሱ ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የሌለውም ለዚህ ነው፤ የታመቀ አየር ሙቀት ብቻውን ነዳጁን ያነደዋል። ስለዚህ ከኖዝሎቹ የተረፈውን ናፍጣ የምትመልሰው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃ ሞተሩን ስታረጥብ «ናፍጣ ነው፣ ግድ የለም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የቤንዚን መኪና አደጋው ሌላ መልክ አለው። ከጠብታው ይልቅ የሚያሰጋው ትነቱ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይንሳፈፍና ትንሽ ብልጭታ ካገኘ ይያዛል። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ደግሞ ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ ፓምፕ በግፊት ስለሚልኩ የተሰነጠቀች ቱቦ ቤንዚኑን እንደ ሽቶ ትረጨዋለች። የነዳጅ ጎማ ተበላሽቶ በውኃ ጎማ የተተካባቸው መኪኖች አሉ። የውኃ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በፋሼታ ፈንታ በሽቦ የታሰረም ብዙ ነው፤ ሽቦው ጎማውን እየበላ ይሄዳል። ፓምፕ ሲበላሽ በሃይላንድ ቤንዚን ሞልቶ፣ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ፣ በቀጥታ ለካርቡራተሩ እያጠጡ ጋራዥ ድረስ መንዳት ደግሞ የብልሃት ያህል ሲወራ ይሰማል። ካርቡራተሩ አንዴ እሳት ወደ ላይ ቢተፋ ሃይላንዱን የሚያድነው ነገር የለም።

ሌላው የእሳት ምንጭ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ይኸኛው አብዛኛውን ጊዜ የእጃችን ሥራ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ናቸው እንበል። በ12 ቮልት ሁለቱ አንድ ላይ የሚስቡት 9 አምፔር ገደማ ነው፤ ሽቦውም ፊውዙም የተመረጡት ለዚህ መጠን ነው። ባለቤቱ ሌሊት ለመንዳት ብሎ አምፖሎቹን ባለ 100 ዋት በሆኑ ይቀይራቸዋል። አሁን የሚሳበው ወደ 17 አምፔር ተጠጋ። ባለ 15 አምፔሩ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ይቀየራል፣ ደግሞ ይቃጠላል። ከዚያ አንዱ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ያስገባለታል፤ ወይም ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ የብር ወረቀት ይጠቀልልበታል። መብራቱ በራ፣ ችግሩ የተፈታ መሰለ። ፊውዙ ግን የተሠራው ከሽቦው ቀድሞ እንዲቃጠል ነበር። ከእንግዲህ ቀድሞ የሚቃጠለው ከዳሽቦርዱ ኋላ የተቀበረው ሽቦ ነው። ፓውዛ፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ወይም አላርም መጨመር የፈለገ ሰው ከባትሪው የሚነሳ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ፊውዝና ሪሌ ያለው መስመር ያሠራ።

ከባትሪው ወደ ሞተር ማስነሻው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ ጭራሽ ፊውዝ የለውም። ከሞተሩ አካል ጋር እየተፋተገ ሽፋኑ ካለቀ፣ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በዚያች ነጥብ ያወርዳል። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ወጥቶ እንኳ ይህ ሊሆን ይችላል።

ወደ ዳገቱ እንመለስ። ከመቀመጫው ሥር ጭስ መጣ። መጀመሪያ የሚለየው እንፋሎት ነው ወይስ ጭስ የሚለው ነው። የራዲያተር እንፋሎት ነጭ ነው፣ ወዲያው ይበተናል፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካለበት ጣፋጭ ነገር ይሸታል። የዘይት ጭስ ሰማያዊ መሳይ ነው፣ ይቆያል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ላስቲክና ፕላስቲክ ሲነድ ጥቁር ይሆናል፣ ዓይን ያቃጥላል። ካልለየለት ግን እንደ እሳት ይቆጠር።

ሾፌሩ ጥግ ይይዛል፤ ከተቻለ ከደረቅ ሣርና ከሌላ መኪና ራቅ ብሎ። ሞተሩን የሚያጠፋው ከቆመ በኋላ ነው። እየሄደ ካጠፋው መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቁልፉን ከነቀለው ደግሞ መሪው ሊቆለፍበት ይችላል። እንደቆመ ግን ቁልፉን ማጥፋት ለነገ የሚባል አይደለም፣ ነዳጅ የሚገፋው ፓምፕ የሚቆመው ያኔ ነውና። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ረዳቱ በተንሸራታቹ በር ሰው እያወረደ ታኮ ወይም ድንጋይ ከጎማው ኋላ ቢያደርግ መልካም ነው።

ተሳፋሪው የሚወርደው ባዶ እጁን ነው። ከላይ የተጫነ ሻንጣም ሆነ ከወንበር ሥር ያለ ፌስታል አይወርድም። የወንበር ስፖንጅና የፕላስቲክ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ አለበት፤ ለሻንጣ የተመለሰ ሰው ነበልባሉ ሳይነካው ሊወድቅ ይችላል። ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ንፋሱ ጭሱን ወደማይወስድበት ወገን መሆን፣ አስፋልቱ ላይ አለመቆም። መኪናው እንደ ፊልሙ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ እንደዚያ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የሚፈነዱት ጎማዎቹና ኮፈኑን ደግፈው የሚይዙት ጋዝ ያለባቸው ዘንጎች ናቸው፤ ዘንጎቹ እንደ ጦር ይወረወራሉ። የማስነሻው ሽቦ ሽፋኑ ሲቀልጥ ማርሽ ውስጥ የቀረ መኪና ራሱን ችሎ ሊንደረደርም ይችላል። ስለዚህ ከፊቱም ከኋላውም መቆም አይገባም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የእሳትና አደጋ ነፃ ስልክ 939 ነው፤ ፖሊስ 991። ሲደውሉ ሰው ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ፣ መኪናው ምን እንደጫነና የት ቦታ እንደሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

አሁን የእሳት ማጥፊያው። ብዙ መኪና ላይ ያለው ለቦሎ ምርመራ ተገዝቶ ከኋላ ከጎማ ቅያሬው ጋር የተወሸቀ ባለ 1 ኪሎ ዱቄት ነው። ይህ ዕቃ የሚረጨው ለ10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ለትንሽ፣ ገና ላልተስፋፋ እሳት ይበቃል፤ ነበልባሉ ወደ ሰው ክፍል ካለፈ አይበቃም፣ መሞከርም አያስፈልግም። ሰው ሁሉ ከወረደና እሳቱ ሞተሩ ጋ ብቻ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ኮፈን ባለው መኪና ላይ ከውስጥ ያለችውን መክፈቻ ብቻ ስበው ኮፈኑ ጣት የምታህል ክፍተት እንዲሰጥ ያደርጋሉ፤ አያነሱትም። ከጎን ቆመው በክፍተቷ፣ በፊት ግሪሉ ወይም በጎማው ቅስት በኩል ይረጫሉ፤ የሚመታው የነበልባሉ ሥር ነው። ሚኒባስ ላይ መቀመጫው እንደተዘጋ ሆኖ ከሥር በኩል ይሞከራል። ዱቄቱ ካለቀ ነገሩ አልቋል፤ ይራቁ። ውኃ ማርከፍከፍ የሚነደውን ዘይትና ነዳጅ ያስፋፋዋል። መሬት ላይ ለፈሰሰው አፈር ይሻላል።

የማጥፊያው ቦታ ሾፌሩ ሲወርድ እጁ የሚደርስበት፣ ከመቀመጫው ጎን ነው። መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታይ፤ መንገድ ሲንጠው ዱቄቱ ከሥር ስለሚረጋ አልፎ አልፎ ገልብጦ መታ መታ ማድረግም ጥሩ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ነገር ልጨምር፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ መንገዱ ላይ እየበዙ ነውና። የትልቁ ባትሪ እሳት በዚህ ዱቄት አይጠፋም፤ እጅግ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፣ ጠፋ ከተባለ ከሰዓታት በኋላም ሊነሳ ይችላል። እዚያ ሥራው መውረድ፣ መራቅና መደወል ብቻ ነው።

እሳቱ ጠፍቶ እንኳ ኮፈኑ ቶሎ አይከፈት። የጋለው ብረት ዘይቱን እንደገና ሊያስነሳው ይችላል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በብዙ ቶዮታዎች ላይ በቁጥር 10 ቁልፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ያ መኪና በራሱ ሞተር አይሄድም፤ ይጎተታል። ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ መጀመሪያ የሚፈልገው በጣም የተቃጠለውን ሳይሆን ዝቅ ብሎ የነደደውን ቦታ ነው፤ እሳት ወደ ላይና ወደ ጎን ስለሚሰፋ መነሻው ብዙ ጊዜ ከታች ነው። ለወጪው ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን አይደርስም፤ እሱ የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የራስዎን መኪና አይሸፍንም።