የክፍለ ጊዜ ድልድል ከየትኛው ትምህርት ይጀመር?

የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያዘጋጅ ምክትል ርእሰ መምህር ሦስት ነገሮችን ማገናኘት ይኖርበታል፤ እነርሱም መምህሩ፣ መማሪያ ክፍሉና ሰዓቱ ናቸው። አንድ መምህር በአንድ ሰዓት በሁለት ቦታ ሊገኝ አይችልም። የአንድ ምድብ ተማሪዎችም በአንድ ጊዜ ሁለት ትምህርት ሊከታተሉ አይችሉም። በቤተ ሙከራውም ውስጥ ሁለት ምድቦች አንድ ላይ አይገቡም። እነዚህ ግዴታዎች እያንዳንዳቸው ቀላል ናቸው፤ ችግሩ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ በሚገናኙበት ጊዜ ነው። ስለዚህም ሥራው ብዙውን ጊዜ በእርሳስና በላጲስ ለቀናት ይጓተታል። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ድካሙን በእጅጉ በሚቀንስ አንድ ደንብ ላይ ነው፤ ይኸውም በየደረጃው አማራጩ እጅግ የጠበበውን ትምህርት አስቀድሞ መመደብ ነው።

ነገሩን በአነስተኛ ምሳሌ እንመልከት። ምሳሌው የአንድ ቀን ሲሆን አራት ክፍለ ጊዜያት፣ ሁለት ተራ መማሪያ ክፍሎችና አንድ ቤተ ሙከራ አሉ። ምድቦቹ 9ሀ፣ 9ለ እና 9ሐ ናቸው። የሒሳብ መምህሩ ሦስቱንም ምድቦች አንድ አንድ ጊዜ ያስተምራል፤ በማንኛውም ሰዓት ይገኛል። የአማርኛ መምህርቷም ሦስቱንም ታስተምራለች፤ ነገር ግን በ1ኛው ክፍለ ጊዜ ሌላ ሥራ ስላለባት የምትገኘው ከ2ኛው ጀምሮ ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ 9ሀን እና 9ለን፣ የባዮሎጂ መምህሩ ደግሞ 9ለን እና 9ሐን በቤተ ሙከራ ያስተምራሉ። የባዮሎጂ መምህሩ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጣ በመሆኑ የሚገኘው በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። በጠቅላላው አሥር ትምህርቶች መመደብ አለባቸው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደተለመደው ሁሉንም ምድቦች ከሚያዳርሱት ትምህርቶች፣ ማለትም ከሒሳብና ከአማርኛ እንጀምር። ሒሳብ ለ9ሀ በ1ኛው፣ ለ9ለ በ2ኛው፣ ለ9ሐ በ3ኛው ይያዝ። አማርኛም ለ9ሀ በ2ኛው፣ ለ9ለ በ3ኛው፣ ለ9ሐ በ4ኛው ይሁን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም የተስተካከለ ይመስላል። ባዮሎጂ ላይ ስንደርስ ግን 9ሐ በ3ኛው ሒሳብ፣ በ4ኛው አማርኛ ስላለው ለባዮሎጂ መምህሩ ምንም ሰዓት አልተረፈውም። 9ሀም 1ኛውንና 2ኛውን ስለጨረሰ ኬሚስትሪው ወደ 3ኛው ወይም ወደ 4ኛው ይገፋል፤ እነዚያ የቤተ ሙከራ ሰዓቶች ደግሞ ለባዮሎጂ የሚያስፈልጉ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች መጨረሻ የመደቡትን ትምህርት ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳሉ። ዋናው እንቅፋት ግን ያ አይደለም፤ የ9ሐን ሁለት ሰዓቶች ገና በመጀመሪያ የወሰዱት ሒሳብና አማርኛ ናቸው። እንዲህ ያለ መሰናክል ሲገጥም ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ለዚህ ትምህርት ሊውሉ ይችሉ የነበሩትን ሰዓቶች የያዘው የትኛው ነው የሚለው ነው።

አሁን ከሌላው ጫፍ እንጀምር። የእያንዳንዱን ትምህርት አማራጭ ሰዓቶች ብንቆጥር ሒሳብና ኬሚስትሪ አራት አራት፣ አማርኛ ሦስት፣ ባዮሎጂ ሁለት ሁለት አላቸው። ስለዚህ ባዮሎጂ ይቀድማል። የ9ለ እና የ9ሐ ባዮሎጂ በአማራጭ ብዛት እኩል በመሆናቸው፣ ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ይበልጥ የሚነካካውን እናስቀድማለን። 9ለ አራት ትምህርት ስላለው ባዮሎጂው በ3ኛው ይያዝ። ያን ጊዜ የ9ሐ ባዮሎጂ በ4ኛው ከመሆን በቀር ሌላ ምርጫ የለውም።

ቀጥሎ ቆጠራውን እንደገና ማድረግ ግድ ነው። ቤተ ሙከራው በ3ኛውና በ4ኛው ስለተያዘ፣ በመጀመሪያ አራት አማራጭ የነበረው ኬሚስትሪ አሁን የቀሩት 1ኛውና 2ኛው ብቻ ናቸው። ቆጠራውን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አድርጎ የተወ ሰው ኬሚስትሪን እንደ ሒሳብ ልቅ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ደንቡ በተግባር የሚበላሸው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ሁለት አማራጭ ካላቸው አንዱ የ9ለ ኬሚስትሪ ነው። ይህን በ2ኛው ብናደርገው ከ9ለ አማርኛ አንድ አማራጭ ይወስድበታል፤ በ1ኛው ብናደርገው ግን አማርኛን አይነካም። ስለዚህ 1ኛውን እንመርጣለን፤ የ9ሀ ኬሚስትሪም 2ኛውን ያገኛል።

ከዚህ በኋላ የ9ለ አማርኛ የቀሩት ሰዓቶች 2ኛውና 4ኛው ናቸው። በ2ኛው ስንይዘው የ9ለ ሒሳብ በ4ኛው፣ የ9ሐ አማርኛ በ3ኛው፣ የ9ሀ አማርኛ በ4ኛው ይወሰናል። የ9ሐ ሒሳብ 1ኛው ወይም 2ኛው፣ የ9ሀ ሒሳብ ደግሞ 1ኛው ወይም 3ኛው ይቀሩታል። ለ9ሐ 2ኛውን፣ ለ9ሀ 3ኛውን ብንይዝ ምድቦቹ በመካከል ባዶ ሰዓት አይኖራቸውም። ውጤቱ የሚከተለው ነው።

| ክፍለ ጊዜ | 9ሀ | 9ለ | 9ሐ |
|---|---|---|---|
| 1ኛ | – | ኬሚስትሪ | – |
| 2ኛ | ኬሚስትሪ | አማርኛ | ሒሳብ |
| 3ኛ | ሒሳብ | ባዮሎጂ | አማርኛ |
| 4ኛ | አማርኛ | ሒሳብ | ባዮሎጂ |

በአንድ ሰዓት ከሁለት በላይ ተራ ክፍል አላስፈለገም፤ የተጻፈ ምንም ነገር ወደኋላ ተመልሶ አልተፋቀም።

የአሠራሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ሦስቱን የሒሳብ ትምህርቶች በአራት ሰዓት ውስጥ በ24 ልዩ ልዩ መንገድ መደርደር ይቻላል፤ ሁለቱን የባዮሎጂ ትምህርቶች ግን በሁለት መንገድ ብቻ። በሒሳብ የጀመረ ሰው የማይሆነውን ነገር የሚያውቀው ብዙ ከጻፈ በኋላ ሲሆን፣ በባዮሎጂ የጀመረ ግን የሚከለከለውን ወዲያውኑ ያያል። ሮበርት ሃራሊክና ጎርደን ኤሊየት እ. ኤ. አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አስቀድሞ የመውደቅ መርሕ ብለው ገልጸውታል፤ የማይሳካ ነገር ካለ ብዙ ሳይደከም አለመሳካቱ ይታወቅ ማለት ነው።

ከሒሳብ የመጀመር ልማድ ግን ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ባለበት ትምህርት ቤት 28 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር የሚተርፈው 2 ብቻ ስለሆነ እርሱም ጠባብ ነው። በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ ተገኝቶ 6 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ተመላላሽ መምህርም የሚተርፈው ያው 2 ነው። ሊታይ የሚገባው የትምህርቱ ብዛት ሳይሆን የሚተርፈው ሰዓት ነው። በመምህራን የአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል መመደብ ግን፣ ቅሬታ ለማስቀረት ይጠቅም እንደሆነ እንጂ፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር ግንኙነት የለውም።

ደንቡ ሁልጊዜ መፍትሔ እንደሚያስገኝ ግን ዋስትና አይሰጥም። ሺሞን ኢቨን፣ አሎን ኢታይና አዲ ሻሚር እ. ኤ. አ. በ1976 እንዳረጋገጡት፣ መምህራን የሚገኙባቸው ሰዓቶች የተወሰኑ ሲሆኑ የድልድል ጥያቄ በጠቅላላው ፈጣንና ለሁሉም የሚሠራ ስልት እስካሁን ካልተገኘላቸው ከባድ ጥያቄዎች ወገን ነው። ከዚህም በላይ ደንቡ እያንዳንዱን ትምህርት ለየብቻ ስለሚመለከት የቡድንን ጥበት አስቀድሞ አያይም። በምሳሌያችን የኬሚስትሪ መምህሩም በ3ኛውና በ4ኛው ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ፣ አራቱ የቤተ ሙከራ ትምህርቶች እያንዳንዳቸው ሁለት አማራጭ ያላቸው ሆነው ይታዩ ነበር። ለአራቱ የሚውለው የቤተ ሙከራ ሰዓት ግን ሁለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ድልድል በማንኛውም ቅደም ተከተል ማዘጋጀት አይቻልም።

ስለዚህ እርሳስ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰዓት የሚሻሙትን ትምህርቶች በቡድን ደምሮ ካሉት ሰዓቶች ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ድምሩ ከበለጠ የሚለወጠው ድልድሉ ሳይሆን ግዴታው ነው፤ ለምሳሌ ከተግባር ልምምድ ውጭ ያለው የኬሚስትሪ ትምህርት በተራ ክፍል እንዲሰጥ፣ ወይም ተመላላሹ መምህር አንድ ተጨማሪ ቀን እንዲመጣ ከሚልከው ትምህርት ቤት ጋር መነጋገር ይሆናል።