ወለዱ ሲጨምር ወርሃዊ ክፍያው ስንት ይደርሳል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 መግቢያ ላይ የእስራኤል ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ምጣኔ 0.1 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ባንኩ አሥር ጊዜ በተከታታይ ጨመረና በሜይ 2023 ምጣኔው 4.75 በመቶ ደረሰ። የቤት ብድር ወይም እዚያ እንደሚባለው ማሽካንታ ወስደው፣ የብድሩን ከፊል በተለዋዋጭ ወለድ የያዙ ቤተሰቦች ከኪሳቸው የሚወጣው ገንዘብ ወር በወር ሲያድግ አዩ። ከኢትዮጵያ ሄደው በዚያ ቤት የገዙ ወገኖቻችንም ከዚህ አልተረፉም። ጭማሪው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። ቢመጣ በወርሃዊው ክፍያ ላይ ስንት እንደሚጨምር ግን ውሉ በተፈረመበት ቀን ሊሰላ ይችል ነበር።

በእስራኤል የተለመደው ተለዋዋጭ ወለድ የሚመራው በፕራይም ነው። ፕራይም ማለት በማዕከላዊ ባንኩ ምጣኔ ላይ 1.5 ሲደመርበት የሚገኘው ቁጥር ነው። አበዳሪው ባንክ ከዚህ ላይ ጥቂት ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፤ ይህ ልዩነት በውሉ ላይ ተጽፎ እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቆያል። ስለዚህ ማዕከላዊ ባንኩ ምጣኔውን ባነሳ ቁጥር የተበዳሪው ወለድ በዚያው ልክ ይነሳል።

አንድ ቤተሰብ በ2022 መጀመሪያ ላይ 600,000 ሼቅል ለ25 ዓመት፣ በፕራይም ሲቀነስ 0.6 ተበደረ እንበል። ፕራይም ያኔ 1.6 ስለነበር ወለዱ በዓመት 1 በመቶ ይሆናል። ወርሃዊ ክፍያውን በኤክሴል ለማግኘት ይህች አንዲት መስመር ትበቃለች፦

```
=PMT(1%/12, 300, -600000)
```

የመጀመሪያው ቁጥር ዓመታዊው ወለድ ለ12 ወር ተካፍሎ ነው፤ ሁለተኛው የቀሩት ወሮች ብዛት፣ ሦስተኛው የቀረው ዕዳ ነው። መልሱ 2,261 ሼቅል ይሆናል። ፈተናው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሌላውን ሳይነኩ ወለዱን ብቻ አንድ አንድ ነጥብ ከፍ ያደርጉታል። በ2 በመቶ ክፍያው 2,543፣ በ3 በመቶ 2,845፣ በ4 በመቶ 3,167 ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ ከቀዳሚው ትንሽ ከፍ ያለ ጭማሪ ያመጣል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 እስከ ሜይ 2023 የታየውን ሙሉ ጭማሪ፣ ማለትም 4.65 ነጥብ፣ ሲያስገቡ ወለዱ 5.65 በመቶ፣ ክፍያው ደግሞ 3,738 ሼቅል ይሆናል። ከመነሻው ጋር ሲተያይ በወር 1,477 ሼቅል ወይም 65 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ የት እንደሚሄድ ለማየት የአንዱን ወር ክፍያ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። በ1 በመቶ ከመጀመሪያው 2,261 ሼቅል ውስጥ 500ው ወለድ ነው፤ የቀረው 1,761 ዕዳውን ይቀንሳል። በ5.65 በመቶ ግን ከ3,738 ሼቅል 2,825ቱን ወለዱ ይወስደዋል፤ ዕዳውን የሚነካው 913 ብቻ ነው። ቤተሰቡ ብዙ እየከፈለ ዕዳው ግን ከቀድሞው በዝግታ ይቀንሳል።

ከዚሁ ስሌት ሌላ ነገርም እንረዳለን። ብዙ ሰው ክፍያ ሲከብደው የሚያስበው መፍትሔ ዘመኑን ማስረዘም ነው። እዚህ ላይ ግን የወር ወለዱ ብቻውን 2,825 ስለሆነ የድሮው 2,261 ሼቅል ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ዘመኑ ወደ 30 ወይም ወደ 40 ዓመት ቢሳብም ክፍያው ወደ ድሮው ሊመለስ አይችልም። ይህ ወሰን የት ላይ እንዳለ ማወቅ ቀላል ነው፤ የአሁኑን ወርሃዊ ክፍያ በ12 አባዝቶ ለቀረው ዕዳ ማካፈል ነው። በዚህ ምሳሌ 4.5 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ወለዱ ከዚያ ካለፈ በዘመን ማስረዘም ብቻ የድሮውን ክፍያ ማስጠበቅ አይቻልም።

ጭማሪው የሚመጣበት ጊዜም ለውጥ ያመጣል። ያው ቤተሰብ አምስት ዓመት በ1 በመቶ ከከፈለ በኋላ ዕዳው ወደ 491,700 ሼቅል ይወርዳል፤ የቀሩት ወሮችም 240 ይሆናሉ። ያኔ ወለዱ በአንድ ጊዜ 5.65 በመቶ ቢገባ ክፍያው 3,424 ይሆናል። ከባድ ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ከሚመጣው ጭማሪ ከ300 ሼቅል በላይ ይቀላል። ፈተናውን ገና ሳይፈርሙ ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ዕዳው ሙሉ ሳለ የሚመጣ ጭማሪ ከሁሉም የከፋው ነው።

በስሌቱ ላይ በብዛት የሚሠሩት ስህተቶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ብድሩ ከተጀመረ ዓመታት ካለፉ በኋላ የቀረውን ዕዳ ትቶ የመጀመሪያውን ማስገባት ነው። ሌላው የቀሩትን ወሮች ሳይቆጥሩ የውሉን ሙሉ ዘመን መጻፍ ነው። ሦስተኛው ብድሩን በሙሉ ተለዋዋጭ አድርጎ መቁጠር ነው። በእስራኤል የማሽካንታ ደንብ ቢያንስ የብድሩ አንድ ሦስተኛ በቋሚ ወለድ መሆን ስላለበት፣ ፈተናው የሚመለከተው ተለዋዋጩን ክፍል ብቻ ነው። እነዚህን ስህተቶች ለመያዝ አንድ አስተማማኝ መንገድ አለ፤ መጀመሪያ ዛሬ ባለው ወለድ አስልቶ ውጤቱን ባንኩ በየወሩ ከሚቆርጠው ጋር ማመሳከር። ሁለቱ ከተጠጋጉ ስሌቱ ትክክል ነው። ሰፊ ልዩነት ካለ ከገባው ቁጥር አንዱ ስህተት ነው፣ ወይም በባንኩ ቅነሳ ውስጥ እንደ ኢንሹራንስ ያለ ሌላ ክፍያ ተካቷል።

በኢትዮጵያ ከባንክ የተበደረ ሰውም ውሉን ቢመለከት፣ ባንኩ የወለድ መጠኑን ማሻሻል እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ ሊያገኝ ይችላል። ስሌቱ በብርም ያው ነው፤ ውጤቱ ግን የተለየ መልክ አለው። 600,000 ብር ለ25 ዓመት በ15 በመቶ ወለድ በወር 7,685 ብር ያስከፍላል። ሦስት ነጥብ ጨምሮ 18 በመቶ ሲሆን 9,105 ይደርሳል፤ ጭማሪው ከ19 በመቶ በታች ነው። በምሳሌያችን ያው ሦስት ነጥብ ከ1 ወደ 4 በመቶ ሲነሳ ክፍያውን በ40 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ዝቅተኛ ወለድ በመነሻው ሲታይ ደስ ቢያሰኝም፣ ለጭማሪ ይበልጥ የተጋለጠው እርሱ ነው።

እንግዲህ ተለዋዋጭ ወለድ ያለበትን ውል ለመፈረም ያሰበ ሁሉ አራት ቁጥሮችን በወረቀት ላይ ያስፍር፦ የዛሬውን ክፍያ፣ ወለዱ በሁለት፣ በሦስትና በአምስት ነጥብ ቢጨምር የሚመጡትን ክፍያዎች። ከዚያም ከደመወዙ ላይ ምግብ፣ ትምህርት ቤት፣ መጓጓዣና ለዘመድ የሚላከውን ቀንሶ የሚተርፈውን ከጎናቸው ይጻፍ። የአምስት ነጥቡን ክፍያ የሚችል ቤተሰብ ተረጋግቶ ይፈርም። የሁለት ነጥቡን እንኳ የማይችል ከሆነ ግን ተለዋዋጩን ክፍል ይቀንስ፣ ወይም ርካሽ ቤት ይፈልግ፤ ይህን ብድር ግን አይውሰድ።