የሄደው ይመለሳል? ሦስት የታሮት ካርዶች ሲነበቡ

በ1909 ለንደን ላይ የታተመውና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሳለችው ታሮት 78 ካርዶች አሉት። ፍቅረኛዋ ትቷት የሄደ ሴት ሦስት ካርድ ወጣላት እንበል፤ ላለፈው፣ ለአሁኑና ለሚመጣው። የመጀመሪያው ስምንት ዋንጫ ነው፤ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ተራራ ይሄዳል። ትቷቸው የሄደው ዋንጫዎች እንደተደረደሩ ናቸው፤ ስለዚህ በፈቃዱ ነው የሄደው ተብሎ ይነበባል። ሁለተኛው አምስት ዋንጫ ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው በፈሰሱት ሦስት ዋንጫዎች ላይ አቀርቅሮ፣ ከኋላው የቆሙትን ሁለቱን አያይም። በሦስተኛው፣ በስድስት ዋንጫ፣ ልጅ ለልጅ አበባ ያለበት ዋንጫ ይሰጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ “ይመለሳል” ብሎ ይደመድማል። ካርዱ ግን የትዝታ ካርድ ነው፤ የእሷን ናፍቆት እንጂ የእሱን ውሳኔ አይናገርም። መልሱ አልጥም ብሎ ደጋግሞ መበወዝማ ንባቡን ጨርሶ ያበላሻል፤ የተመኙት ካርድ አንድ ጊዜ መውጣቱ አይቀርምና።