ሰደርካ፣ ጉለንታ፣ ሚንዳ፦ የደመወዝ ሠንጠረዥ ሲነበብ

ነቀምቴ ውስጥ ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ የወረዳ ሠራተኛ የሚደርሰው የደመወዝ ለውጥ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነውና ከስሙ ዝቅ ብሎ ሦስት ቃላት ይገኛሉ፦ ሰደርካ፣ ጉለንታ፣ ሚንዳ። በአማርኛው ደረጃ፣ እርከን፣ ደመወዝ መሆናቸው ነው። ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ ነጆ ወር ጠብቆ የሚኖር ሰው ሁሉ ሦስተኛዋን ቃል ፈልጎ ቁጥሩን ያያል፤ ደብዳቤውንም አጥፎ ኪሱ ይከታል። ቁጥሩን ያወጡት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ሠንጠረዡ ወደ ታች ደረጃዎችን፣ ወደ ጎን እርከኖችን የያዘ ነው። ከሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባው ጋር የመጣው የሲቪል ሰርቪስ ስኬል 22 ደረጃዎች አሉት፤ በሮማ ቁጥር የተጻፉ ናቸው። እያንዳንዱ ደረጃ በግራ ጫፉ መነሻ፣ በቀኝ ጫፉ ጣሪያ አለው፤ በመካከላቸው 9 እርከኖች ተደርድረዋል። ደረጃው የሥራው ነው፦ ሥራ መደቡ ምን ያህል ዕውቀት፣ ኃላፊነትና ጥረት እንደሚጠይቅ ተመዝኖ ይወጣለታል። እርከኑ ግን የሰውየው ነው። ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ ደመወዛቸው የሚለያየው በዚህ ነው፤ መስመሩ አንድ ነው፣ የቆሙበት ሳጥን ይለያያል።

የመምህራን ሠንጠረዥ ለብቻው ነው። እዚያ መስመሩን የሚወስነው የትምህርት ዝግጅትና የዕድገት መሰላል ነው፤ ጀማሪ መምህር ብሎ ጀምሮ በመለስተኛ፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር አልፎ ወደ ተባባሪ መሪና መሪ መምህር ይወጣል። ከነቀምቴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ የወጣና ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የወጣ ጀማሪዎች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ መስመራቸው አንድ አይደለም።

ወደ ጎን መራመድ በራሱ ጊዜ አይመጣም። እርከን በተለምዶ በየሁለት ዓመቱ የሚታይ ሲሆን በመካከሉ የተሞሉት የሥራ አፈጻጸም ውጤቶች አጥጋቢ መሆናቸው ይረጋገጣል። እንግዲህ ሠራተኛው በደንብ ሠርቶም የአንዱ ግማሽ ዓመት ውጤት ከግል ማኅደሩ ከጠፋ እርከኑ ይቆማል። ዝውውር ያለበት ሰው ይህን ቢያጣራ አይከፋም፤ ከመንዲ ወደ ነቀምቴ ሲመጣ ማኅደሩ አብሮት ካልመጣ አዲሱ መሥሪያ ቤት የሚቆጥርለት ነገር አይኖረውም። ጣሪያ ላይ የደረሰ ደግሞ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር ወደ ጎን የሚሄድበት የለም፤ የቀረው ወደ ላይኛው ደረጃ ማደግ ብቻ ነው። ሲያድግም የአዲሱን ደረጃ መነሻ ያገኛል። የነበረው ደመወዝ ከዚያ መነሻ የሚበልጥ ከሆነ ግን ወደ ኋላ አይመለስም፤ በአዲሱ መስመር ላይ ከነበረበት ከፍ ያለውን እርከን ይይዛል።

የሠንጠረዡ ቅርጽ በቅርብ ዓመታት በጣም ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲወጣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ አለ። የታችኛው ከአራት እጥፍ በላይ ሲሆን የላይኛው 5 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ቀድሞ ጫፉ ከሥሩ 18 እጥፍ ግድም ይርቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አራት እጥፍ ተኩል ሆነ። ረጅም ዘመን አገልግለው እርከን በእርከን የወጡ ሰዎች ትናንት የተቀጠረው ከኋላቸው ደረሰባቸው ቢሉ የሠንጠረዡ ቁጥር ይመሰክርላቸዋል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ መነሻው 6,000፣ ጣሪያው 39,000 ሲሆን ርቀቱ እንደገና ወደ ስድስት እጥፍ ተኩል ተዘረጋ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ።

ይህን 11,500 ይዘን እስከ ኪስ እንከተለው። በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ነቀምቴ መሥሪያ ቤት የገባች አንዲት ጀማሪ እናስብ። ፔሮሉ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው የጡረታ መዋጮ ነው፤ ከእርሷ 7 በመቶ፣ 805 ብር። መንግሥት በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ያ ግን ከደመወዟ አይነካም። ቀጥሎ የሥራ ግብር ይመጣል። የሚሰላው ጡረታው ከመነሳቱ በፊት ባለው ሙሉ ደመወዝ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራበት የግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600፣ ሌላው 3,000 በ25 በመቶ 750፣ ከ10,000 በላይ የቀረው 1,500 በ30 በመቶ 450 ብር ያወጣል። ሲደመር 2,100። የሒሳብ ሠራተኛው ይህን ሁሉ አይሸነሽንም፤ 11,500ን በ30 በመቶ አባዝቶ 1,350 ይቀንሳል፣ ያው 2,100 ይመጣል። ተቀናሹ 1,350 የታችኞቹ የገቢ ክፍሎች በዝቅተኛ መጣኔ በመከፈላቸው የተረፈው ልዩነት ነው። ጡረታውና ግብሩ ሲነሱ በእጇ 8,595 ብር ይገባል። የማኅበር መዋጮና የቁጠባ ማኅበር ብድር ካለባት ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው አንድ ደስ የሚል አቋራጭ አለ። ግብሩ እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ የትኛው መጣኔ ውስጥ እንደወደቀ መፈለግ አያስፈልግም፤ ሁሉንም አስልቶ ትልቁን መውሰድ ይበቃል፦

```
=MAX(0, B2*15%-300, B2*20%-500, B2*25%-850,
     B2*30%-1350, B2*35%-2050)
```

ስህተት የሚገባበት ዋናው በር ይኸው ፎርሙላ ነው። አሮጌው ሠንጠረዥ ከ10,900 ብር በላይ 35 በመቶ ወስዶ 1,500 ይቀንስ ነበር። ፋይሉ ሳይታደስ ደመወዙ ብቻ ከታደሰ የጀማሪዋ ግብር 2,525 ይሆንና የተጣራው 8,170 ላይ ይቆማል። በወር 425 ብር የጎደለበት ሰው ደረጃውንና እርከኑን ቢፈትሽ ምንም ጉድለት አያገኝም፤ መመልከት ያለበት የግብሩን ዓምድ ነው።

ሌላው ውዝፍ ነው። ጀማሪዋ በ11,500 ላይ ሳለች እርከን ደረሰላት፣ ለምሳሌ ያህል ደመወዟ 12,000 ሆነ እንበል። በ30 በመቶ መጣኔ ውስጥ ያለ ሰው ከተጨመረለት ከእያንዳንዱ ብር 30 ሳንቲም ለግብር፣ 7 ሳንቲም ለጡረታ ስለሚሄድ ከ500ው እጇ የሚገባው 315 ብር ነው። ደብዳቤው ግን አንድ ዓመት ዘገየ። የ12 ወሩ ልዩነት፣ 6,000 ብር፣ ከወሩ ደመወዝ ጋር ተደምሮ በአንድ ጊዜ 18,000 ተብሎ ቢሰላ ግብሩ ወደ 35 በመቶው መጣኔ ተሻግሮ 4,250 ይሆናል። ልዩነቱ በየወሩ ተበትኖ ቢሰላ የያንዳንዱ ወር 150፣ የ12ቱ 1,800፣ ከወሩ መደበኛ ግብር 2,250 ጋር 4,050 ብቻ ነው። ስለዚህ የውዝፍ ክፍያ የደረሰው ሰው ፔሮሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ግብሩ በየወሩ ተከፋፍሎ ነው ወይስ በአንድ ላይ ተሰልቶ ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የ200 ብር ጥያቄ ነው።