ከሰርግ ፎቶ ጋር የሚላክ ደብዳቤ

ለውጭ አገር ዘመድ ከታጠበ የሰርግ ፎቶ ጋር የሚላክ ደብዳቤ ዋና ሥራው ፎቶው የማይናገረውን መናገር ነው። ከአገር ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው ሙሽራይቱን ያውቃታል፤ አጠገቧ የቆሙትን አማቾች ግን አይቷቸው አያውቅም። እሱ ሲሄድ ሕፃን የነበረው የወንድሙ ልጅም ዛሬ ሚዜ ሆኖ ቢቆም አይለየውም።

ስለዚህ ፎቶዎቹ አስቀድመው በሰርጉ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ሙሽራይቱ የወላጆቿን ጉልበት ስማ ከቤት የወጣችበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹ፣ በመጨረሻም መልሱ። ከዚያ በየጀርባቸው፣ ከጠርዙ አጠገብ ቁጥር ይጻፍባቸዋል። የዛሬ ፎቶ ወረቀት በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ የእስክሪብቶ ቀለም ቶሎ አይደርቅበትም፤ ሲነባበሩ ከሥር ያለውን ፎቶ ያበላሻል። ተጭነው ከጻፉበትም ጽሑፉ ከፊት በኩል አብጦ ይታያል። ጫፉ ለስላሳ የሆነ የማይለቅ ማርከር ይሻላል፤ እሱም በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው ፎቶዎቹ የሚደራረቡት።

የሙሽራይቱ እናት ዋሽንግተን ለምትኖር ታላቅ እህቷ ስትጽፍ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እትዬ፣ 4 ቁጥር ላይ ፎቶውን ስታዪው በቀኝ በኩል የተቀመጡት የሙሽራው እናት ናቸው። ከኋላቸው የቆመው ረጅሙ ልጅ ያ አንቺ ታዝዪው የነበረው የወንድማችን ልጅ ነው። 9 ቁጥር ላይ፣ በመልሱ ቀን የለበስኩት፣ አንቺ የላክሽልኝ ቀሚስ ነው።» «ፎቶውን ስታዪው» የሚለው አስፈላጊ ነው፤ «ከእኔ በስተቀኝ» ብትል ኖሮ እህትየዋ አማቲቱን በተቃራኒው በኩል ትፈልጋቸው ነበር።

ሩቅ ያለ ዘመድ ፎቶውን አይቶ ሲጨርስ የሌሉትን መፈለግ ይጀምራል። አጎት ካልታየ፣ ታሞ ይሁን መንገድ ርቆት፣ ደብዳቤው ምክንያቱን ይናገር። ዝም ከተባለ ሞት ወይም ጠብ ተብሎ ይተረጎማል።

ከሁሉ የሚከብደው አጎት በእርግጥ ሞቶ ሳለ እዚያ ያለችው እህት ገና ያልተረዳች እንደሆነ ነው። በልማዱ መርዶ የሚነገረው ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ ነው። ደብዳቤ ግን ሰውን ብቻውን ባለበት ያረዳዋል፤ ፎቶም እንዲሁ፣ ሐዘን ላይ ያለችው የአጎት ሚስት ጥቁር ለብሳ ከታየች ይበቃል። እሷ ያለችባቸውን ፎቶዎች ለይቶ ማስቀረትም አያዋጣም፤ የባልና የሚስቱ አለመታየት ያንኑ ጥያቄ ያስነሳል። በመሆኑም ፖስታው ከመላኩ በፊት እዚያ የሚኖሩ ዘመዶች መርዶው ተነግሮ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ካልተነገረ እስኪነገር ይቆያል፤ ከተነገረ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤም ስለ ሰርጉ ከማውራቱ በፊት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ይጀምራል።