ድምፁን ላጠፋ ቀጣሪ የሚጻፍ የመጨረሻ ደብዳቤ

የጽሑፍ ፈተናው ታልፏል፤ ሁለት ዙር ቃለ መጠይቅም ተደርጓል። «በሳምንት ውስጥ እንደውላለን» ያለው የሰው ኃይል ክፍል ግን ድምፁን አጥፍቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወይ በየሦስት ቀኑ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ይጽፋል፣ ወይ ተቀይሞ ይተወዋል። ሁለቱም አያዋጡም።

ከዝምታው ጀርባ ብዙ ጊዜ ያልጸደቀ በጀት ወይም አንደኛ የወጣ ሌላ ተወዳዳሪ አለ። ያ ሰው በደመወዝ ይደራደር ይሆናል፤ ቢስማማም ለቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅበታል። እስኪፈርም ድረስ ሁለተኛው በተጠባባቂነት ይያዛል። የቅጥር ባለሙያዋ «ተቀጥረሃል» ማለት አትችልም፣ «አልተቀጠርክም» ማለትም አትፈልግም። ስለዚህ «አዲስ ነገር አለ?» ለሚለው ጥያቄ የምትመልሰው የላትም።

የመጨረሻው ደብዳቤ ይህን ሸክም ያቀልላታል። አንድ የሒሳብ ባለሙያ የመጨረሻ ቃለ መጠይቁን መጋቢት 3 አድርጎ፣ በ12 እና በ22 ጽፎ መልስ አጣ እንበል። ሚያዝያ 6 ላይ፣ ቀድሞ በተጻጻፉበት ኢሜይል ሥር እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለሒሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ መጋቢት 3 ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መጠይቅ አድርጌ ነበር። ቦታው ካልተያዘ ፍላጎቴ እንዳለ ነው። ተይዞ ከሆነም ‹ተይዟል› የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል። እስከ ሚያዝያ 13 ካልሰማሁ ሌላ ሰው እንደተመረጠ እቆጥረዋለሁ። ወደፊት ተመሳሳይ ክፍት ቦታ ቢኖር ግን ቢያስታውሱኝ ደስ ይለኛል። ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ።»

የቆየውን ደብዳቤ ሥር መጻፉ ባለሙያዋን ፋይል ከማገላበጥ ያድናታል። «ተይዟል» የሚለው ቃል ከደብዳቤው ስለቀረበላት እምቢታውን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ አትቸገርም። የተቆረጠው ቀን ደግሞ የሚያስረው አመልካቹን እንጂ መሥሪያ ቤቱን አይደለም፤ ስለዚህ ማስፈራሪያ አይመስልም። «ሌላ ቦታ ጠርተውኛል» ማለት የሚቻለው እውነት ከሆነ ብቻ ነው፤ ውሸት ከሆነ «እንኳን ደስ ያለህ፣ እዚያው ግባ» የሚል መልስ ያስከትላል። ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ማድረግም ባለሙያዋን መክሰስ ስለሚሆን ይቅር።

ከመጻፍ በፊት በምስክርነት የተጠቀሱትን ሰዎች «ተደውሎላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ተደውሎላቸው ከሆነ አመልካቹ ከውድድሩ አልወጣም ማለት ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው እንደ አዲስ ከወጣ ግን መሥሪያ ቤቱ ፍለጋውን ከመጀመሪያ ሳይጀምር አልቀረም።

ጨዋነቱ ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። አንደኛ የወጣው በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልሆነላቸው፣ ወይም ራሱ ትቶ ከሄደ፣ አዲስ ማስታወቂያ ከማውጣት ይልቅ ሁለተኛውን መጥራት ይቀላል። ያን ጊዜ የሚከፈተው ኢሜይል ይኸው የመጨረሻው ነው፤ ወቀሳ ካለበት የሚደወለው ለሦስተኛው ነው።