በለሚ ኩራ ስንት ሰው ይኖራል?

ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተመሠረተው በ2013 ዓ.ም. ነው። አገር አቀፉ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በቆጠራው ውጤት ውስጥ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ አይገኝም። የክትባት ዘመቻ የሚያቅድ የጤና ባለሙያ የነዋሪውን ብዛት ቢፈልግ ከየት ያገኘዋል?

አንዱ ምንጭ የሕዝብ ራስተር ነው። ራስተር መሬትን እኩል በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የከፋፈለ ዲጂታል ካርታ ሲሆን፣ ፒክስል የሚባለው እያንዳንዱ አራት ማዕዘን አንድ ቁጥር ይይዛል። በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ወርልድፖፕ በነፃ በሚያቀርበው የሕዝብ ብዛት ካርታ ላይ፣ ቁጥሩ በዚያ ፒክስል ውስጥ ይኖራሉ ተብለው የተገመቱትን ሰዎች ያመለክታል። በዚህ ካርታ ላይ የክፍለ ከተማውን ወሰን ደርቦ፣ ወሰኑ ውስጥ የገቡትን ቁጥሮች መደመር ዞናል ስታቲስቲክስ ይባላል። QGIS በተባለው ነፃ ፕሮግራም Zonal statistics የሚለውን መርጦ Sum ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ውጤቱም ወዲያው ይወጣል።

ችግሩ ያለው ወሰኑ ላይ ነው። የክፍለ ከተማ ወሰን መንገድና ወንዝ ተከትሎ ስለሚጠማዘዝ ብዙ ፒክስሎችን ለሁለት ይቆርጣል። በተለመደው ደንብ መሠረት የፒክስሉ መሐል ነጥብ ወሰኑ ውስጥ ከወደቀ ሙሉ ቁጥሩ ይደመራል፤ ውጭ ከወደቀ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ይህ ምን ያህል እንደሚያዛባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ላይ በግልጽ ይታያል። ስፋቱ ከ7 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በ1999ኙ ቆጠራ ግን ከ250 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮበታል። ፒክስሉ በጎኑ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ራስተር ብንጠቀም፣ ክፍለ ከተማውን የሚሸፍኑት 9 ያህል ፒክስሎች ብቻ ናቸው። በአማካይ እያንዳንዳቸው ከ28 ሺህ የማያንስ ሰው ይይዛሉ፤ አብዛኞቹም ወሰን የሚቆርጣቸው ናቸው። የአንዱ ፒክስል መሐል ትንሽ ወደ ጎን ቢዞር የአንድ ሰፈር ሕዝብ በሙሉ ለጎረቤት ክፍለ ከተማ ይሰጣል። በ100 ሜትሩ ራስተር ግን ፒክስሎቹ ወደ 900 ይጠጋሉ፤ በአንዱ ላይ የሚፈጠር ስህተት ከ300 ሰው ብዙም አያልፍም።

ከዚህም የተሻለው መንገድ የተቆረጠውን ፒክስል እንደ ድርሻው ማካፈል ነው። ሲሶው ለሚ ኩራ ውስጥ ከሆነ የቁጥሩ ሲሶ ለለሚ ኩራ፣ የቀረው ለጎረቤቱ ይሄዳል። exactextract የተባለው መሣሪያ የሚሠራው በዚህ መልክ ነው። መወገድ ያለበት ወሰኑ የነካውን ፒክስል ሁሉ መደመር ነው፤ በዚህ አሠራር ድንበር ላይ ያለ ሰው በሁለቱም ክፍለ ከተማ ይቆጠራል።

ስህተቱን ለመያዝ ቀላል ፈተና አለ። የ11ዱን ክፍለ ከተሞች ውጤት ደምሮ፣ የከተማዋን ጠቅላላ ወሰን አንድ ጊዜ በመደመር ከሚገኘው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። ክፍለ ከተሞቹ ከበለጡ ድርብ ቆጠራ አለ፣ ወይም ወሰኖቹ ተደራርበዋል። አራት እጥፍ የሚጠጋ ቁጥር ከመጣ ደግሞ፣ ሌላ ሰው ራስተሩን ለማጥራት ብሎ እያንዳንዱን ፒክስል ለአራት ከፍሎ ለአራቱም የድሮውን ቁጥር ሰጥቷቸው ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ አልበዛም፤ ፋይሉ ነው የተበላሸው። ይህኛው ስህተት በሁለቱም ድምሮች ላይ ስለሚገባ የሚጋለጠው ከዋናው ራስተር ድምር ጋር ሲነጻጸር ነው።

ድምሩ ትክክል ቢሆንም ራስተሩ ራሱ ግምት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የሚሠራው የቆጠራ ውጤትን ወደ ዛሬ በማሳደግና በየአካባቢው በማደል ነው፤ ለዕደላው የሕንፃዎች መገኛ፣ መንገድና የሌሊት መብራት የመሳሰሉት መረጃዎች ይረዳሉ። ስለዚህ ራስተሩ በተሠራበት ወሰን ላይ መልሶ ቢደመር የሚገኘው የገባው ቁጥር ነው፤ አዲስ ዕውቀት አይጨምርም። ጥቅሙ የሚታየው ወሰኑ አዲስ ሲሆን፣ እንደ ለሚ ኩራ ባለው ቦታ ነው። ጥርጣሬውም የሚበረታው እዚያው ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የተነሣ ምስል ጣሪያ እንጂ ፎቅ አያሳይም። አራት ፎቅ ያለው ኮንዶሚኒየምና ባለ አንድ ፎቅ መጋዘን በምስሉ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ኮንዶሚኒየም በበዛበት በለሚ ኩራ ይህ የሰውን ቁጥር ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ የአንድ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ሕዝብ ብዛት በዚህ ዘዴ ተሠርቶ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ራስተሩ የየትኛው ዓመት ነው፣ ወሰኑ ከክፍፍሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የተሠራ፣ ድንበር ላይ ያሉት ፒክስሎችስ እንዴት ተደመሩ? ይህ ያልተጻፈበትን ቁጥር ለበጀትም ለክትባትም መሠረት አታድርጉት።